«ልጄ ስፖርተኛ አይደለችም» ለሚል ወላጅ ምን ይባላል? የእንቅስቃሴ ዕውቀትን በአንድ ስብሰባ የማስረዳት መመሪያ

የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ለወላጆች ስለ እንቅስቃሴ ዕውቀት ስናስረዳ ግማሾቹ ስለ ክብደትና ስለ ትንፋሽ የምናወራ ይመስላቸዋል፤ ግማሾቹ ደግሞ ልጃቸውን ሯጭ ወይም ኳስ ተጫዋች ልናደርግላቸው መስሏቸው ይሄዳሉ። እንዴት አድርገን እንለይላቸው?» ለእያንዳንዱ በተናጠል ከምመልስ እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ።

መመሪያው አንድ ሰዓት ገደማ ለሚወስድ ስብሰባ ነው። ወላጆችንና የሌሎች ትምህርቶች መምህራንን አንድ ላይ መጥራት ይቻላል፤ ከ12 እስከ 20 ሰው ይበቃል። በዚህ ስብሰባ ሰዎቹን የሚያስተምራቸው ንግግርዎ ሳይሆን ራሳቸው የሚወረውሩት ኳስ ስለሆነ ረጅም ገለጻ ለማዘጋጀት አይድከሙ።

አስቀድመው ራስዎ ይለዩት

የአካል ብቃት ማለት ልብ፣ ሳንባና ጡንቻ ዛሬ ምን ያህል ሥራ መሸከም ይችላሉ ማለት ነው። በደቂቃ፣ በዙር ወይም በኪሎ ይለካል። በጥቂት ሳምንታት ልምምድ ይጨምራል፤ ልምምዱ ሲቋረጥ ደግሞ በጥቂት ሳምንታት ይቀንሳል።

የስፖርት ተሰጥኦ ግምት ነው። አንድ ልጅ በአንድ የተወሰነ ስፖርት ከእኩዮቹ በላይ ምን ያህል ርቆ ሊሄድ ይችላል የሚል ግምት። ያለ ማነጻጸሪያ ትርጉም የለውም።

የእንቅስቃሴ ዕውቀት፣ ፊዚካል ሊትሬሲ የሚባለው፣ አራት ነገሮች ሲገናኙ የሚፈጠር ነው፦ መወርወር፣ መዝለል፣ ሚዛን መጠበቅና የመሳሰሉትን በአግባቡ የማድረግ ችሎታ፤ ሰው እያየ የማይከብድ በራስ መተማመን፤ ማንም ሳያዝዝ የመንቀሳቀስ ፍላጎት፤ ሰውነት ለምን እንዲህ እንደሚሠራና ሁኔታው ሲለወጥ ምን መለወጥ እንዳለበት መረዳት። ከአራቱ አንዱ ቢጎድል ሌሎቹ ብዙ አያስኬዱም። ፊደል ለይቶ መጽሐፍ የማይከፍት ሰው እንዳለ ሁሉ፣ ኳስ መወርወር ችሎ ጨዋታ ሲጠራ የሚደበቅ ልጅም አለ። ማነጻጸሪያው ሌላ ልጅ ሳይሆን ልጁ ራሱ ባለፈው ወር የነበረበት ደረጃ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ግድግዳ ያለበት ክፍት ቦታ፤ ከግድግዳው ፊት ለፊት ቢያንስ 8 ሜትር ነፃ መሆን አለበት
- የቴኒስ ኳስ ወይም በእጅ የሚጨበጥ ለስላሳ ኳስ፣ ለሁለት ሰው አንድ
- ጠመኔ ወይም ወለል ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር
- ሜትር
- እርሳስና ለእያንዳንዱ ተሳታፊ ሁለት ትናንሽ ወረቀቶች
- በደረጃ 5 የማቀርበው የሦስት ልጆች መዝገብ፣ በትልቅ ወረቀት ላይ ተጽፎ

ልጆች አያስፈልጉም። ይህን በዝርዝሩ ያላካተትኩት ሆን ብዬ ነው፤ ምክንያቱን ከማስጠንቀቂያዎቹ ጋር ያገኙታል።

ደረጃ 1፦ ከመናገርዎ በፊት ያስጽፉ

ተሳታፊዎቹ እንደተቀመጡ የመጀመሪያውን ወረቀት ይስጡና አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ ይጠይቁ። ለወላጅ፦ «ልጅዎ በእንቅስቃሴ ረገድ እንዴት ነው/ናት?» ለመምህር፦ «በክፍልዎ ጎበዝ የሚሉትን ተንቀሳቃሽ ልጅ ይግለጹ።» ስም አይጻፍ። ወረቀቶቹን ሰብስበው ጥቂቶቹን ጮክ ብለው ያንብቡ።

«ፈጣን ነው»፣ «ቶሎ ይደክማታል»፣ «ወፍራም ስለሆነ አይሮጥም»፣ «እንደ አባቷ ስፖርተኛ ናት» የሚሉ መልሶች ይበዛሉ። ቦርዱን በሦስት ዓምድ ከፍለው እያንዳንዱን መልስ ከብቃት፣ ከተሰጥኦ ወይም ከእንቅስቃሴ ዕውቀት ሥር ያስገቡ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ወይም ባዶ ሊሆን የቀረበ ሆኖ ይገኛል። የጎደለውን ነገር ሰዎቹ ራሳቸው በጻፉት ውስጥ ካላዩት፣ በኋላ የሚሰጠው ማብራሪያ ጆሮ አያገኝም፤ ይህ ደረጃ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ደረጃ 2፦ አራቱን ምልክቶች ያሳዩ

ከግድግዳው 6 ሜትር ለክተው መስመር ያስምሩ። ከዚያ በሚመችዎ እጅ ኳስ ከትከሻ በላይ ወርውረው ያሳዩ። አንድ ጊዜ በቀስታ፣ አንድ ጊዜ በኃይል። ተሳታፊዎቹ ኳሱን ሳይሆን ሰውነትዎን እንዲያዩ ይንገሯቸው። የሚታዩት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦

ሀ. ውርወራው የሚጀምረው እጅ ወደ ታችና ወደ ኋላ ሲሄድ ነው።
ለ. ወገብና ትከሻ ዞረው የማይወረውረው ጎን ወደ ግድግዳው ይመለከታል።
ሐ. ወደ ፊት የሚራመደው ከሚወረውረው እጅ ተቃራኒ የሆነው እግር ነው።
መ. ኳሱ ከተለቀቀ በኋላ እጅ ሰውነትን አቋርጦ ወደ ተቃራኒው ዳሌ ይወርዳል።

እነዚህ አራት ምልክቶች በዴል ኡልሪክ ከተዘጋጀውና ከ3 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች ከሚያገለግለው የታወቀ የእንቅስቃሴ ችሎታ መለኪያ የተወሰዱ ናቸው። አቆጣጠሩ ቀላል ነው፦ ምልክቱ ከታየ 1፣ ካልታየ 0፤ ሁለት ውርወራ ይታያል፤ ድምሩ ከ8 ነው። ኳሱ የት እንዳረፈ አይቆጠርም። ይህን ሲሰሙ ግር የሚላቸው ሰዎች ይኖራሉ፤ ግን ቁም ነገሩ እዚያው ላይ ነው። ርቀቱንና ፍጥነቱን ብንለካ ትልቅ አካል ያለው ልጅ ብዙ ጊዜ ያሸንፋል፤ አሠራሩን ስናይ ግን ልጁ ምን እንደተማረና ምን እንዳልተማረ ይገለጥልናል።

ሦስተኛው ምልክት ላይ ትንሽ ይቆዩ። በቀኝ እጁ የሚወረውር ሰው ቀኝ እግሩን ካስቀደመ ወገቡ አስቀድሞ ተዘግቷል፤ መዞር አይችልም፤ ኳሱን የሚገፋው ክንዱ ብቻ ይሆናል። ግራ እግሩን ሲያስቀድም ግን ኃይሉ ከመሬት ተነሥቶ በወገብ፣ በትከሻና በክንድ በኩል በቅደም ተከተል ይወጣል። አንድን ልጅ «ደካማ ክንድ አለው» ከማለትዎ በፊት እግሩን ይመልከቱ።

ደረጃ 3፦ በማይመች እጅ ያስወርውሩ

ስብሰባው የተመሠረተው በዚህ ደረጃ ላይ ነው፤ ጊዜ አይቆጥቡበት። ሰዎቹን ሁለት ሁለት አድርገው ያጣምሩ። አንዱ ሲወረውር ሌላው ይቆጥራል። መጀመሪያ በሚመቻቸው እጅ ሁለት ጊዜ ይወርውሩ፤ ነጥቡ ይጻፍ። ቀጥሎ በሌላኛው እጅ ሁለት ጊዜ።

በሌላኛው እጅ ሲወረውሩ ነጥቡ ይወርዳል። በብዛት የሚጠፉት ለ እና ሐ ናቸው። ሰውነት ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ይቆማል፣ ክርኑ ከጆሮ አጠገብ ይጣበቃል፣ እግር ወይ አይንቀሳቀስም ወይ የተሳሳተው ይቀድማል። ኳሱም እንደተገፋ ዕቃ ወድቆ ይንከባለላል።

ውርወራው እንዳበቃ ሁሉንም ያስቁሙና እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «ከአንድ ደቂቃ በፊትና አሁን የልብዎ፣ የሳንባዎና የጡንቻዎ አቅም ተለውጧል? ተሰጥኦዎስ?» መልሱ ግልጽ ነው። የተለወጠው የተማሩት እንቅስቃሴ መኖርና አለመኖር ብቻ ነው። በሩጫ የሚታወቀውም ሆነ ደረጃ መውጣት የሚያደክመው ሰው በማይመች እጁ ሲወረውር ያው ጀማሪ ይሆናል።

ሁለተኛ ጥያቄ ይጨምሩ፦ «ሲወረውሩ ሰው እያየዎት ምን አደረጉ?» አንዱ ስቋል፤ አንዷ «እኔ ድሮም አልችልም» ብላለች፤ ሌላው ተራውን ለጓደኛው አሳልፏል። እነዚህን ነገሮች በሚወረውሩበት ጊዜ ያስተውሉና ስም ሳይጠሩ ይንገሯቸው። ልጅም በሜዳ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ እኛ ግን ስንፍና እንለዋለን። በራስ መተማመን የእንቅስቃሴ ዕውቀት አካል የሆነበትን ምክንያት ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ንግግር አላውቅም።

ደረጃ 4፦ አሥር ደቂቃ ያለማምዱና እንደገና ይቁጠሩ

በማይመቸው እጅ ይለማመዱ፤ ግን አንድ መመሪያ ብቻ ይስጧቸው፦ «ጎንዎን ለግድግዳው ይስጡ፤ ከዚያ ተራምደው ወርውሩ።» አራቱንም ምልክቶች ባንድ ጊዜ ካስታወሷቸው አንዱንም አይዙም። ጎንን መስጠት ለ እና ሐን አብሮ ስለሚያስተካክል እሱን ማስቀደም ያዋጣል።

ትንሽ ዒላማ አያስቀምጡ። «ያንን ነጥብ ምቱ» ሲባል ሰው ይጠነቀቃል፣ እንቅስቃሴውን ያሳጥራል፣ እንደገና ክንዱን ብቻ መጠቀም ይጀምራል። «ግድግዳውን ጮክ አድርጋችሁ አስጩኹት» ቢባል ይሻላል፤ ኃይል ሲፈለግ ወገብ ራሱ መዞር ይጀምራል። ይህ ለልጆችም ይሠራል፤ ትክክለኛነት ከአሠራሩ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሁለት ውርወራ ይቁጠሩ። ሁሉም ባይሆኑ አብዛኞቹ አንድ ወይም ሁለት ምልክት ይጨምራሉ። በአሥር ደቂቃ የማንም ሰው የአካል ብቃት አያድግም። ስለዚህ ያደገው ሌላ ነገር ነው፤ ስሙንም አሁን ያውቁታል።

ነጥቡ ያልጨመረለት ሰው ካለ እግሩን ይመልከቱ። ከመወርወሩ በፊት ቢራመድም ሲወረውር ቆሞ ከሆነ፣ መሬት ላይ በጠመኔ አንድ ክብ ሠርተው «ኳሱ ከእጅዎ ሲወጣ እግርዎ እዚህ ይረፍ» ይበሉት።

ደረጃ 5፦ የሦስቱን ልጆች መዝገብ ያንብቡ

ሰዎቹ ተቀምጠው ትንፋሽ ሲሰበስቡ የሚከተለውን ያሳዩ። ልጆቹ ለማስረጃ የፈጠርኳቸው ናቸው፤ እንደ እውነተኛ ተማሪ አያቅርቧቸው።

የመጀመሪያው ልጅ 10 ዓመቱ ነው። በ20 ሜትር የመመላለስ ሩጫ 7 ደቂቃ ቆይቷል። (በሰዓት 8.5 ኪሎ ሜትር ተጀምሮ በየደቂቃው 0.5 ኪሎ ሜትር የሚጨምረው ፈተና ነው።) ውርወራው ከ8 ሁለት። ኳስ ያለበት ጨዋታ ሲጀመር ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይሄዳል።

ሁለተኛዋ 9 ዓመቷ ነው። በዚያው ሩጫ 3 ደቂቃ ቆይታለች። ውርወራዋ ከ8 ሰባት። ኳስ የምትወረውርበት ባልዲ ሲርቅ ሳይነገራት እርምጃዋን ታሰፋለች፤ ለምን ብትባል «እንዲደርስ ገፍቼ ነው መነሣት ያለብኝ» ትላለች። ሆኖም ቤት ውስጥ «ስፖርተኛ አይደለሽም» ስለተባለች ከትምህርት ቤት ውጭ አትጫወትም።

ሦስተኛው 9 ዓመቱ ሲሆን በታዳጊ እግር ኳስ ቡድን ተመርጧል። ሩጫው 5 ደቂቃ፣ ውርወራው ከ8 አራት። ቡድኑ ሲመራ ጎበዝ ነው፤ ሲሸነፍ ሜዳውን ጥሎ ይወጣል።

አሁን ይጠይቁ፦ «ከሦስቱ በእንቅስቃሴ ዕውቀት የበለጠው ማን ነው?» ሰዎች ይከራከራሉ፤ ይከራከሩ። ከዚያ ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ መሆኑን ይንገሯቸው። ትክክለኛው ጥያቄ «እያንዳንዱ ቀጥሎ ምን ያስፈልገዋል?» ነው። ለመጀመሪያው የውርወራ አሠራርና ሰው በማይበዛበት ቦታ የሚሞክርበት ዕድል ያስፈልገዋል። ሁለተኛዋ ችሎታም ግንዛቤም አላት፤ የሚጎድለው ቤት ውስጥ የሚባለው ነገር መለወጥና የምትጫወትበት ጊዜ ነው፤ ትንፋሹ ከጨዋታው ጋር ይመጣል። ሦስተኛው ደግሞ ተመርጧል ማለት ተሟልቷል ማለት እንዳልሆነ ያሳያል።

ደረጃ 6፦ ስለ ተሰጥኦ የትውልድ ወርን ይጠቀሙ

ሦስተኛውን ልጅ በተመለከተ አንድ ነገር ይጨምሩ፦ የተወለደው በቡድኑ የዕድሜ ምድብ የመጀመሪያ ወር ነው። በአንድ ምድብ ውስጥ ያሉ ሁለት ልጆች በ11 ወር ሊበላለጡ ይችላሉ። 8 ዓመት ለሆነው ልጅ ይህ ከኖረበት ዕድሜ ከአንድ አሥረኛ በላይ ነው። ትልቁ ልጅ ረዘም፣ ፈጠን፣ ጠንከር ይላል፤ ይመረጣል፤ ስለተመረጠ ደግሞ የበለጠ ይሠለጥናል። በምድቡ የመጀመሪያ ወራት የተወለዱ ልጆች በታዳጊ ቡድኖች ውስጥ ከሚገባው በላይ መብዛታቸው በ1985 በካናዳ የበረዶ ሆኪ ላይ ተጽፎ፣ ከዚያ ወዲህ በብዙ ስፖርቶች ታይቷል።

በጉርምስና ጊዜም እንዲሁ ነው። ፈጣኑ የቁመት እድገት በሴቶች ልጆች በአማካይ 12 ዓመት ገደማ፣ በወንዶች 14 ዓመት ገደማ ይመጣል፤ በእኩዮች መካከል ግን የዓመታት ልዩነት አለ። ስለዚህ የ12 ዓመት ልጅን «ተሰጥኦ የለውም» ማለት ብዙ ጊዜ «ገና አላደገም» ማለት ብቻ ነው። ይህ ደረጃ በአምስት ደቂቃ ይለቅ፤ ከዚያ በላይ ከሄዱ ስብሰባው ስለ ታዳጊ ቡድን ምርጫ ክርክር ይሆንብዎታል።

ደረጃ 7፦ ለእያንዳንዱ አንድ ሥራ ሰጥተው ይሸኙ

ለወላጅ፦ ለሁለት ሳምንት ልጁን «አሸነፍክ?» ወይም «ስንተኛ ወጣህ?» ብሎ አለመጠየቅ፤ በምትኩ «ዛሬ ምን አዲስ ነገር ሞከርክ?» ማለት። ልጁ የሚነግረው ነገር ካጣ የሚሞክርበት ቦታ እያገኘ እንዳልሆነ ወላጁ ያውቃል።

ለመምህር፦ በአንድ ክፍለ ጊዜ አንድ ልጅ መርጦ ኳስ ስንት ጊዜ እንደነካ መቁጠር፤ በተለይ ዝም የሚለውን። ልጆችን እያስወጣ የሚሄድ ጨዋታ ከሆነ መጀመሪያ የሚወጣው ልምምዱ በጣም የሚያስፈልገው ልጅ መሆኑን ቁጥሩ ራሱ ያሳያል። መፍትሔው ብዙ ኳስና ትንሽ ቡድን ነው፤ የወጣ ልጅም አንድ ሥራ ሠርቶ ተመልሶ ይግባ።

በመጨረሻ ሁለተኛውን ወረቀት ሰጥተው የደረጃ 1ን ጥያቄ እንደገና ያስጽፉ። ሦስተኛው ዓምድ ውስጥ የሚገባ መልስ ከበዛ ስብሰባው ሠርቷል። «አሁን ብቃት እንደማያስፈልግ ገባኝ» የሚል ካገኙ ከታች ያለውን የመጀመሪያ ስሕተት ሠርተዋል።

ማስጠንቀቂያዎች

ልጆችን በወላጆች ፊት አያስወርውሩ፤ አያስሩጡም። ትናንሽ ልጆች ችሎታቸውን ከእውነታው በላይ ይገምታሉ፤ ይህም እንዲሞክሩ ይረዳቸዋል። ከ7 ወይም ከ8 ዓመት ገደማ በኋላ ግን ራሳቸውን ከሌላው ጋር እያነጻጸሩ በትክክል መገመት ይጀምራሉ። በዚህ ዕድሜ በሰው ፊት የተሰጠ ዝቅተኛ ነጥብ ልጁን ከሜዳው ሊያርቀው ይችላል።

የትከሻ ወይም የክርን ሕመም ያለበት ተሳታፊ ቆጣሪ ይሁን። ሌሎችም በማይመች እጅ የመጀመሪያዎቹን ውርወራዎች በቀስታ ይወርውሩ፤ ያልለመደ ትከሻ በኃይል ሲወረውር ይጎዳል። የሚቆጥረው ሰው ከወርዋሪው ጎን እንጂ ከፊቱ አይቁም፤ ከግድግዳ የሚመለስ ኳስም ዓይን ይመታል።

በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ተሳታፊ ወይም ልጅ ካለ የእግር እርምጃውን ምልክት ሐን «0» ብለው አያስቀምጡ። ምልክቱን አውጥተው በቀሩት ይቁጠሩ፤ የላይኛው ሰውነት መዞሩን ይመልከቱ። ማነጻጸሪያው ያው ራሱ ሰው ስለሆነ የጎደለ ምልክት ምንም አያበላሽም።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስሕተቶች

*ብቃትን ማጣጣል።* ልዩነቱን ለማጉላት ሲሉ «ሩጫ ዋጋ የለውም» የሚሉ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ መካከለኛና ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ልጅ ይህን ለዓመታት የሚቀጥለው ግን የሚችለውና የሚወደው እንቅስቃሴ ሲኖረው ነው። እንዲህ ብለው ያገናኙት።

*ሁሉን ነገር ውርወራ ማድረግ።* ውርወራ የተመረጠው በአንድ ሰዓት ውስጥ ለውጡ በዓይን ስለሚታይ ነው። ጥሩ የሚወረውር ልጅ ውኃ ሲያይ ሊፈራ፣ በአንድ እግር መቆም ሊያቅተው ይችላል። የአንዱ ችሎታ ነጥብ የሌላውን አይናገርም።

*«ሲያድግ ይመጣለታል» ማለት።* በማይመች እጅዎ የወረወሩትን ያስታውሷቸው፤ ያ እጅ ከሌላው እኩል አድጓል፤ ያልተማረውን ግን አላወቀም።

*ነጥቡን ወደ ውጤት ካርድ ማስገባት።* መምህራን ቁጥር ሲያዩ ከመቶ ስንት እንደሆነ ማስላት ይቀናቸዋል። ከ8 የተሰጠው ነጥብ ቀጥሎ ምን ማስተማር እንዳለብዎት የሚነግር ማስታወሻ ነው፤ በእርሳስ ይጻፍ፣ ከስምንት ሳምንት ገደማ በኋላ በተመሳሳይ ርቀትና በተመሳሳይ ኳስ እንደገና ይታይ፣ የቀድሞው ይፋቅ። ወላጅ «ልጄ ስንት አገኘ?» ብሎ ከጠየቀዎት የጎደለውን ምልክት ስም ይንገሩት፦ «ሲወረውር ጎኑን ገና አልሰጠም፤ በዚህ ወር እሱን እየሠራን ነው።»